ፖስተርሽ በጆሮ ሲነበብ

የእህቴ ልጅ፣ የመሥሪያ ቤታችሁን የፌስቡክ ገጽና የቴሌግራም ቻናል አንቺ እንደያዝሽው እናትሽ ነገረችኝ። እንደምታውቂው እኔ ዓይኔ ከደከመ ወዲህ ስልክ የምጠቀመው በጆሮዬ ነው። ቶክባክ የሚባለው ስክሪን ሪደር ጣቴ ያረፈበትን ሁሉ ድምፅ አውጥቶ ያነብልኛል። የምትለጥፊው ነገር ለእኔና ለመሰሎቼ እንዴት እንደሚሰማን ልንገርሽና ከዛሬ ጀምረሽ አስተካክዪው።

1. ዋናውን ነገር ፖስተር ላይ ብቻ አትጻፊ።

ለስክሪን ሪደር ፖስተር ላይ ያለ ጽሑፍ ጽሑፍ አይደለም፤ የምስሉ አካል ነው። አንድ የሥራ ማስታወቂያ እንውሰድ። ፖስተሩ ላይ «ክፍት የሥራ ቦታ፣ የሒሳብ ሠራተኛ፣ የ2 ዓመት ልምድ፣ ማመልከቻ እስከ ጥቅምት 20» የሚል አለ፤ ከሥሩ ስልክ ቁጥር አለ። ከምስሉ በላይ የተጻፈው ግን «ፈጥነው ያመልክቱ!» ብቻ ነው። እኔ የምሰማው «ፈጥነው ያመልክቱ»ን፣ ቀጥሎም «ምስል» የሚለውን ነው። ፌስቡክ ከ2016 ጀምሮ ለምስሎች ራሱ መግለጫ ይሰጣል፤ ነገር ግን እንዲህ ላለው ፖስተር ብዙ ጊዜ የሚለው፣ ጽሑፍ ያለበት ምስል ሊሆን ይችላል የሚል ዓይነት ነው። የሒሳብ ትምህርት የጨረሰ ዓይነ ስውር ወጣት ማስታወቂያው እሱን እንደሚመለከት እንኳ ሳያውቅ ያልፈዋል።

መፍትሔው፦ የሥራውን ዓይነት፣ የሚጠየቀውን መመዘኛ፣ የመጨረሻውን ቀን፣ አድራሻውንና ስልኩን ከምስሉ ጋር በሚወጣው ጽሑፍ ውስጥ በሙሉ ጻፊ። በምስሉ አልት ቴክስት ላይ ደግሞ ይህን ያህል ይበቃል፦ «የሒሳብ ሠራተኛ ቅጥር ማስታወቂያ። ዝርዝሩ ከምስሉ ጋር በተጻፈው ጽሑፍ ውስጥ አለ።»

ዝርዝሩን ሁሉ አልት ቴክስት ውስጥ ብጨምረውስ ትዪ ይሆናል። አልት ቴክስት የሚደርሰው በአብዛኛው ስክሪን ሪደር ለሚጠቀም ሰው ብቻ ነው። ዓይኑ ጨርሶ ያልጠፋ፣ ፊደል አጉልቶ የሚያነብ ሰው ብዙ ጊዜ አያገኘውም፤ የፖስተሩን ደቃቅ ፊደል ሲያጎላው ደግሞ ይደበዝዝበታል። በዚያ ላይ አልት ቴክስት ከዳር እስከ ዳር በአንድ ትንፋሽ ነው የሚነበበው። ስልክ ቁጥሩ ካመለጠኝ እንደገና ከመጀመሪያው መስማት አለብኝ፤ ልቅዳው ብልም ቀላል አይደለም።

2. አልት ቴክስት የሚጻፍበትን ቦታ እወቂ።

ፌስቡክ ላይ ፎቶውን ከፍተሽ ሦስቱን ነጥቦች ስትነኪ Edit alt text የሚል ታገኛለሽ። ኢንስታግራም ላይ ከመለጠፍሽ በፊት ካሉት ተጨማሪ ምርጫዎች መካከል Write alt text የሚለውን ፈልጊ። ኤክስ ላይ ምስሉ ላይ ALT የሚል ምልክት አለ፤ እስከ 1,000 ፊደል ይቀበላል። ቴሌግራም ላይ ለፎቶ እንዲህ ያለ ቦታ የለም፤ እዚያ መግለጫውን ከፎቶው ሥር ከምትጽፊው ጋር አብረሽ ነው የምታስገቢው።

3. ፎቶውን ስትገልጪ ለምን እንደለጠፍሽው አስቢ።

«ፎቶ» ወይም «ምስል» ብለሽ አትጀምሪ፤ ስክሪን ሪደሩ ያንን ቀድሞ ይናገራል። በአንድ ወይም በሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ዋናውን አስቀድመሽ ጻፊ። ዋናው የቱ ነው የሚለውን የሚወስነው ግን የለጠፍሽበት ምክንያት ነው።

አንዲት ሴት በጀበና ቡና ስትቀዳ የሚያሳይ ፎቶ አለሽ እንበል። ገጹ የሸክላ ዕቃ የሚሸጥ ከሆነ መግለጫው «አንገቱ ረዘም ያለ ጥቁር የሸክላ ጀበና፤ እጀታውና ክዳኑ በነጭ ጥለት ያጌጠ» ይሁን። ያው ፎቶ የመሥሪያ ቤታችሁን የበዓል ዝግጅት ለማሳየት ከወጣ ግን ማንም የጀበናውን አንገት ርዝመት አይፈልግም። «የሥራ ባልደረቦች በግቢው ቄጠማ ጎዝጉዘው ተቀምጠዋል፤ ሀበሻ ቀሚስ የለበሰች ወጣት ቡና እየቀዳችላቸው ነው» በዪ። «ደስ የሚል ቀን» የሚለው ስሜትሽን ይነግረኛል እንጂ ፎቶውን አያሳየኝም። ሰዎቹ ይስቁ እንደሆነ ይስቃሉ በዪ፤ ደስታውን እኔው እደርስበታለሁ።

አማርኛውን በግዕዝ ፊደል ጻፊው። በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ሲሆን ማሽኑ እንደ እንግሊዝኛ ስለሚያነበው ምንም አይገባኝም።

4. ኢሞጂ ስም አለው፤ እኔም የምሰማው ስሙን ነው።

ብዙ የቴሌግራም ቻናሎች በየመስመሩ መጀመሪያ 👉 ይደረድራሉ። እናንተ ጣት ታያላችሁ፤ ስልኬ ግን በእንግሊዝኛ ድምፅ «ባክሃንድ ኢንዴክስ ፖይንቲንግ ራይት» ይላል። ሦስት ተከታትለው ከመጡ አንዳንዱ ስክሪን ሪደር ቆጥሮ በአንዴ ይናገራል፣ ሌላው ሦስቱንም ይደግማል። ዐሥር መስመር ባለው ማስታወቂያ ላይ ምን እንደሚሆን አስቢው። በየመስመሩ የሚገባው ✅ም እንደዚያው ነው። መስመሮቹን ለመለየት ተራ ቁጥር ወይም ሰረዝ ይበቃሻል።

ኢሞጂን በቃል ምትክ አታድርጊው። ለእንቁጣጣሽ 🌼 ብቻ ስትለጥፊ አንቺ አደይ አበባ ማለትሽ ነው፤ እኔ ጋ የሚደርሰው ግን ተራ አበባ ነው። 🙏ም እንደዚሁ፦ ለምስጋናም፣ ለልመናም፣ ለሐዘንም ትጠቀሙበታላችሁ፤ የሚነበበው ግን የተጋጠሙ እጆች ተብሎ ነው። ሰው ሞቶበት ለተቀመጠ ወዳጅ «ነፍስ ይማር» ብለሽ ጻፊና ከወደድሽ አንድ ኢሞጂ መጨረሻ ላይ አስከትዪ። ሁልጊዜም ከጽሑፉ በኋላ ይሁን፤ ከሁለት አይብለጥ።

5. ሃሽታግ ውስጥ ቃላቱን በ _ ለያዪ።

በላቲን ፊደል #EthiopianNewYear ተብሎ እያንዳንዱ ቃል በትልቁ ፊደል ሲጀምር ስክሪን ሪደሩ ሦስቱን ቃላት ለይቶ ያነባል። የእኛ ፊደል ግን ትልቅና ትንሽ የለውም። ስለዚህ #መልካምአዲስዓመት ከዳር እስከ ዳር እንደ አንድ ቃል ተጎትቶ ይነበባል። #መልካም_አዲስ_ዓመት ሲሆን በየቃሉ ይሰማል። ክፍት ቦታ፣ ሰረዝ ወይም ሁለት ነጥብ ካስገባሽ ግን ሃሽታጉ እዚያው ይቆረጣል።

አንድ ችግር አለው፤ ልደብቅሽ አልፈልግም። የላቲኑ ትልቅና ትንሽ ፊደል ሃሽታጉን አይለውጠውም፤ _ ግን ሌላ ሃሽታግ ያደርገዋል። አንዱን የነካ ሰው በሌላው ሥር ያለውን አያገኝም። «ዓመት»ን በ«አመት» መጻፍም እንዲሁ ይለያየዋል። ስለዚህ ለዘመቻችሁ የራሳችሁን ሃሽታግ ስትፈጥሩ ከመጀመሪያው ቀን በ _ ጀምሩት፤ አጻጻፉንም አንድ ብቻ አድርጉት። ሕዝብ አጣብቆ የለመደውን ከሆነ የምትጠቀሙት እንዳለ መጨረሻ ላይ አስቀምጪው፤ ቃላቱን ግን በጽሑፉ ውስጥ ለያይተሽ ጻፊልን። ዓረፍተ ነገር መሃል ሃሽታግ አትሰንቅሪ፤ ሐሳቡን ይቆርጥብኛል።

6. ከለጠፍሽ በኋላ በጆሮሽ ስሚው።

በአንድሮይድ ስልክሽ ሴቲንግ ውስጥ አክሰሲቢሊቲ የሚለውን ግቢና ቶክባክን ክፈቺ፤ አይፎን ላይ ቮይስኦቨር ይባላል። አንዴ ከበራ በኋላ አጠቃቀሙ ይለወጣል፦ አንዴ መንካት ማንበብ ብቻ ነው፣ ለመክፈት ወይም ለመዝጋት ደርበሽ ሁለቴ መታ ታደርጊያለሽ፤ ወደሚቀጥለው ለመሄድ ጣትሽን ወደ ቀኝ ታንሸራትቻለሽ። ይህን ሳታውቂ ብትከፍቺው ማጥፋቱ ያስቸግርሻል። አማርኛ የሚያነብ ድምፅ ያልተጫነበት ስልክ የግዕዙን ፊደል ዘሎት ሊያልፍ ስለሚችል፣ ዝም ካለሽ ጥፋቱ የጽሑፍሽ ነው ብለሽ አትደናገጪ፤ መጀመሪያ የድምፁን ቋንቋ አስተካክዪ።

ከዚያ ስልኩን በእጅሽ ይዘሽ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ማስታወቂያሽን ከላይ እስከ ታች አስነብቢው። ሥራው ምን እንደሆነ፣ ማመልከቻው መቼ እንደሚያበቃና ወዴት እንደሚደወል ከሰማሽው ብቻ መናገር ካልቻልሽ፣ ፖስቱን ኤዲት አድርጊና እንደገና ስሚው።