በልጅ ስልክ ላይ የተከፈተ ዱቤ
በጀት ማስጠንቀቂያ እንጂ ቁልፍ አይደለም

የሰፈር ባለ ሱቅ በዱቤ ደብተር የሚያስተናግደው ቤተሰብ ልጅ መጥቶ አንድ ብስኩት ቢጠይቅ ይሰጠዋል፤ ስምንት ቢጠይቅ ግን «እናትህ ያውቃሉ?» ይላል። በስልክ ውስጥ ያለው ሱቅ ይህን ጥያቄ የሚጠይቀው ባለቤቱ አስቀድሞ እንዲጠይቅ ካዘዘው ብቻ ነው። ካላዘዘው ስምንቱንም ይሸጣል፤ ሂሳቡንም በዚያው ደቂቃ ከካርዱ ላይ ይቆርጣል።

በቦሌ፣ በገርጂ፣ በሲኤምሲና በአያት አካባቢ ባሉ የነጋዴ ቤቶች ይህ ዱቤ የሚከፈትበት መንገድ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። ወደ ዱባይ ወይም ወደ ጓንዡ የሚመላለስ ነጋዴ ከባንኩ የውጭ አገር ካርድ ያወጣል፣ አለዚያም አሜሪካ ያለ ዘመድ የራሱን ካርድ ይሰጠዋል። ካርዱ ለኢንተርኔት ማስታወቂያ ወይም ለፎቶና ለሰነድ ማስቀመጫ ክፍያ ተብሎ አንድ ቀን በስልኩ ይመዘገባል። ከዓመት በኋላ ነጋዴው አዲስ ስልክ ይገዛና አሮጌውን ለልጁ ይሰጣል። ሲም ካርዱን ያወጣል፤ አካውንቱን ግን አያወጣም።

ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። የተመዘገበው ካርድ የሚኖረው በስልኩ ውስጥ ሳይሆን በአካውንቱ ውስጥ ነው። ያ አካውንት በልጁ እጅ ባለው ስልክ ላይ እስካለ ድረስ፣ አባትየው በአዲሱ ስልክ ለራሱ ሥራ የሚያስገባው ካርድ ሁሉ ለልጁም ጨዋታ መክፈያ ይሆናል።

የሠላሳ ደቂቃው በር

የይለፍ ቃል እያለ ገንዘቡ እንዴት እንደሚወጣ ብዙ ወላጆችን ግራ ያጋባል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ የይለፍ ቃሉ አንድ ጊዜ ከተነካ በኋላ በሩ ወዲያው ላይዘጋ ይችላል።

ነገሩ በአሜሪካ ለክስ በቅቶ ነበር። የአገሪቱ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2014 አፕል ቢያንስ 32.5 ሚሊዮን ዶላር፣ ጉግል ደግሞ ቢያንስ 19 ሚሊዮን ዶላር ለወላጆች እንዲመልሱ አስማምቷል። በአፕል ላይ የቀረበው አቤቱታ የይለፍ ቃል አንዴ ከገባ በኋላ ለ15 ደቂቃ ያለ ተጨማሪ ጥያቄ ግዢ ይፈቀድ እንደነበር ያሳያል። በጉግል በኩል ጊዜው 30 ደቂቃ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ኩባንያዎች ቅንብሮቻቸውን አሻሽለዋል። ጉግል ዕድሜያቸው 12 ዓመትና ከዚያ በታች ለሆነ ልጆች በተሠሩ ፕሮግራሞች ውስጥ የሚደረግ ግዢ ሁልጊዜ ማረጋገጫ እንዲጠይቅ አድርጓል። ይሁን እንጂ ልጆች የሚወዷቸው የኳስና የተኩስ ጨዋታዎች ብዙዎቹ ለሕፃናት ተብለው የተመዘገቡ አይደሉም። የ30 ደቂቃውም ምርጫ ዛሬም በአንድሮይድ ስልኮች ቅንብር ውስጥ ይገኛል።

ስሌቱን በምሳሌ ማየት ይቻላል። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ የመዋቢያ ዕቃ ሱቅ ያላቸው እናት፣ የዘጠኝ ዓመት ልጃቸው አሮጌውን ስልካቸውን ይዟል እንበል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ልጁ 4.99 ዶላር የሚያወጣ የጨዋታ ሳንቲም ለመነ፤ እናት የይለፍ ቃሉን አስገብተው ስልኩን መለሱለት። ቅንብሩ በየ30 ደቂቃው ብቻ የሚጠይቅ ስለሆነ፣ ልጁ እስከ 1 ሰዓት ከ25 ድረስ ሌላ ሰባት ጊዜ ገዛ። ስምንቱ ግዢ ሲደመር 39.92 ዶላር ነው።

አንድ ዶላር በ57 ብር በነበረበት ጊዜ ይህ ወደ 2,275 ብር ገደማ ነበር። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከፈቀደ በኋላ ስሌቱ ተለውጧል። ለአያያዝ እንዲመች ዶላሩ በ150 ብር ቢታሰብ፣ ያው የ25 ደቂቃ ጨዋታ 5,988 ብር ያወጣል። የጨዋታው ዋጋ በዶላር አልጨመረም፤ የቤቱ ወጪ ግን ከእጥፍ በላይ ሆነ። ከዚህም በላይ በካርዱ ላይ የነበረው ዶላር ለዕቃ ናሙና ወይም ለጉዞ የታሰበ ከሆነ፣ ነጋዴዋ ያጡት ብሩን ብቻ ሳይሆን ለማግኘት የደከሙበትን ምንዛሪም ጭምር ነው።

በጀቱ ለምን አላቆመውም

እኚሁ እናት ጥንቁቅ ሆነው በወር 10 ዶላር የሚል በጀት አስቀምጠው ነበር ብንል ውጤቱ ያው ነው። በጉግል ፕሌይ ላይ የመገለጫውን ምስል ተጭኖ ወደ «Payments & subscriptions» ከዚያም ወደ «Budget & history» በመግባት «Set budget» የሚለውን መሙላት ይቻላል። ይህ በጀት ወጪው ወሰኑን ሲጠጋና ሲያልፍ ይናገራል እንጂ ግዢውን አይከለክልም። በምሳሌያችን ሁለተኛው ግዢ ድምሩን 9.98 ዶላር አድርሶታል፤ ሦስተኛው 14.97 አድርጎ ወሰኑን አልፏል፤ የቀሩት አምስቱ ግን ያለ ችግር ተከናውነዋል። በጀት ለሂሳብ ያዥ ይጠቅማል፤ ለዘበኛነት አይሆንም።

በአንድሮይድ ስልክ ዘበኛ የሚሆነው የግዢ ማረጋገጫው ነው። እንደ ፕሮግራሙ እትም ስሙና ቦታው ይለያያል፤ በቀድሞዎቹ «Settings» ውስጥ «Authentication» ተብሎ ይገኛል፣ በአዲሶቹ «Purchase verification» ይባላል። ምርጫው ለሁሉም ግዢ እንዲጠይቅ መደረግ አለበት፤ በአዲሱ ስያሜ «Always» የሚለው ማለት ነው። ይህ ቅንብር የሚሠራው በተስተካከለበት ስልክና አካውንት ላይ ብቻ ነው። እናት በእጃቸው ባለው አዲስ ስልክ ላይ ቢያስተካክሉት የልጁ ስልክ እንደ ነበረ ይቀራል፤ ሥራው በልጁ ስልክ ላይ እንደገና መሠራት አለበት።

ይህም ሆኖ ዘበኛው የሚታለልበት መንገድ አለ። ልጁ ስልኩን ለመክፈት የራሱን የጣት አሻራ ካስመዘገበና ግዢውም በጣት አሻራ የሚረጋገጥ ከሆነ፣ በየግዢው ቢጠየቅም የሚመልሰው ልጁ ራሱ ነው። ስለዚህ በግዢ ላይ የጣት አሻራ ይጥፋ፤ የይለፍ ቃሉም ልጁ ስልኩን ከሚከፍትበት ቁጥር የተለየ ይሁን።

ከሁሉ የሚሻለው ግን አሮጌውን ስልክ ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ ካርድ የሌለበት የልጁን አካውንት መክፈት ነው። በ«Family Link» ሥር የተከፈተ የልጅ አካውንት ከሆነ ግዢውን ወላጅ ከራሱ ስልክ እንዲያጸድቅ ማድረግ ይቻላል። አካውንቱን የሚከፍተው ወላጁ ራሱ ይሁን። ስልክ ሻጩ በሱቁ ውስጥ ከፍቶ የሚሰጠው አካውንት ማስታወሻ ስልኩና የይለፍ ቃሉ በሻጩ እጅ ሊቀር ይችላል።

በአይፎን መንገዱ አጭር ነው፤ በጨዋታ ውስጥ የሚደረግን ግዢ ጨርሶ መዝጋት ይቻላል። «Settings»፣ «Screen Time»፣ «Content & Privacy Restrictions»፣ «iTunes & App Store Purchases» ተብሎ ከተገባ በኋላ «In-app Purchases» በሚለው ሥር «Don't Allow» ይመረጣል። የ«Screen Time» የራሱ የይለፍ ቁጥር ካልተሰጠው ግን ልጁ በዚያው መንገድ ገብቶ ሊከፍተው ይችላል።

እውነተኛው ወሰን ቀሪ ሂሳብ ነው

ልጁ በወር የተወሰነ ገንዘብ እንዲያጠፋ የፈቀደ ቤተሰብ የሚያስተማምነው ወሰን አንድ ነው፤ ይኸውም አካውንቱ ላይ ከተፈቀደው በላይ ገንዘብ አለማኖር ነው። ካርድ ከማስገባት ይልቅ 10 ዶላር ያለው የስጦታ ካርድ ቢሞላ ሱቁ ከ10 ዶላር በላይ የሚቆርጥበት ምንጭ የለውም። ዘመድ ከውጭ ኮዱን ሲልክ መጠንቀቅ የሚገባው ካርዱ የሚሠራው ለተሸጠበት አገር አካውንት ብቻ መሆኑን ነው። በአሜሪካ የተገዛ ኮድ በአሜሪካ ስም ባልተከፈተ አካውንት ላይ አይሞላም።

እስካሁን የተባለው ቁልፍ ሁሉ የማይደርስበት ሌላ ገበያ በከተማው አለ። የጨዋታ ሳንቲም፣ አልማዝና የቲክቶክ ሳንቲም በቴሌግራም የሚሸጡ ደላሎች ክፍያውን በቴሌብር ወይም በባንክ ይቀበላሉ። ግዢው በጉግልም ሆነ በአፕል ሱቅ በኩል ስለማያልፍ ማረጋገጫም በጀትም አያየውም። እዚህ ላይ ብቸኛው ቁልፍ የቴሌብርና የባንክ ፕሮግራሙ የሚስጥር ቁጥር ነው፤ ለልጅ «አንዴ ሙላልኝ» ተብሎ ከተነገረ ያ ቁልፍ አብሮ ሄዷል። ሻጩ ከተጫዋቹ መለያ ቁጥር አልፎ የይለፍ ቃል ከጠየቀ ደግሞ የሚፈለገው አካውንቱ ራሱ መሆኑን መጠርጠር ያስፈልጋል።

ገንዘቡ ከወጣ በኋላ

በካርዱ መግለጫ ላይ «GOOGLE» በሚል ቃል የሚጀምሩ ተመሳሳይ ትናንሽ ቁርጦች በአንድ ቀን ተደጋግመው ከታዩ ምልክቱ ይህ ነው። የጉግል ፕሌይ ግዢ ከ48 ሰዓት ያልበለጠው ከሆነ የተመላሽ ጥያቄውን በቀጥታ ለጉግል ማቅረብ ይቻላል፤ ከዚያ ካለፈ ብዙውን ጊዜ ወደ ጨዋታው ሠሪ ይመራሉ። ለአፕል ጥያቄው የሚቀርበው reportaproblem.apple.com ላይ ነው። ስለዚህ መግለጫውን በወር መጨረሻ ብቻ የሚያይ ነጋዴ ቀላሉን መንገድ አምልጦታል።

ወደ ባንክ ሮጦ ክፍያውን ማስካድ የመጀመሪያ እርምጃ ባይሆን ይመረጣል። የአሜሪካው ኮሚሽን ፎርትናይት የተባለውን ጨዋታ ባመረተው ኤፒክ ጌምስ ላይ ካቀረባቸው አቤቱታዎች አንዱ፣ ክፍያውን በባንካቸው በኩል የተቃወሙ ደንበኞችን አካውንት መዝጋቱ ነበር። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ይፋ በሆነው ስምምነት 245 ሚሊዮን ዶላር ለመመለስ ተስማምቷል።

ጨዋታውን ከስልኩ ማጥፋትም ወርሃዊ ክፍያን አያስቆምም። ልጁ በነፃ ሙከራ ስም የገባበት ውል ካለ «Payments & subscriptions» ውስጥ «Subscriptions» ተከፍቶ በስሙ መሰረዝ አለበት፤ አለዚያ ጨዋታው ከስልኩ ከጠፋ በኋላም ቁርጡ በየወሩ ይቀጥላል።

ሁሉ ነገር ከተስተካከለ በኋላ ልጁ ራሱ በስልኩ ላይ ትንሹን ዕቃ ለመግዛት እንዲሞክር ይደረግ። ሙከራው ሊያስከፍል ስለሚችል ርካሹ ይመረጥ። ስልኩ ልጁ የማያውቀውን የይለፍ ቃል ጠይቆ ከቆመ ቁልፉ ሠርቷል ማለት ነው። ካልጠየቀ ጥፋቱ የአንድ ዕቃ ዋጋ ብቻ ነው፤ የ48 ሰዓቱም ጊዜ ገና አልተነካም።