ደማቅ የስክሪን ቀለም በኅትመት ለምን ይደበዝዛል? የአንድ አረንጓዴ ቀለም ምርመራ

በመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ የሚገባ የዕፅዋት ሽፋን ካርታ በስክሪን ላይ ሦስት የተለያዩ አረንጓዴ ደረጃዎችን አሳይቶ፣ ሲታተም ሁለቱ ደረጃዎች ሊመሳሰሉ ይችላሉ። በዚህ ጊዜ ከካርታው የሚጠፋው ውበት ብቻ ሳይሆን መረጃም ነው። ይህ ጽሑፍ ምክንያቱን በአርጂቢ ሥርዓት ቀይ 0፣ አረንጓዴ 255፣ ሰማያዊ 0 በሚባለው ቀለም አማካይነት ያስረዳል።

ስክሪን ቀለምን የሚፈጥረው ብርሃን በማመንጨት ነው። ሦስቱ ብርሃኖች በሙሉ ኃይላቸው ሲበሩ ነጭ ይታያል። በተለመደው የኤስአርጂቢ መለኪያ መሠረት ከዚህ ነጭ ብሩህነት ወደ 72 በመቶ የሚሆነው ከአረንጓዴው ብቻ የሚገኝ ነው። ስለዚህ ይህ ቀለም ብሩህም ነው፤ ከግራጫም እጅግ የራቀ ነው።

ወረቀት ግን የራሱ ብርሃን የለውም። በሲኤምዋይኬ ኅትመት አረንጓዴ የሚገኘው ሳያን ቀለም ቀዩን፣ ቢጫ ቀለም ደግሞ ሰማያዊውን ብርሃን ከወረቀቱ ላይ ሲውጡ ነው። ቀለሞቹ ፍጹም ቢሆኑ አረንጓዴው ብርሃን ሳይነካ ይመለስ ነበር። እውነተኛው ሳያን ግን ከአረንጓዴውም ከፊሉን ይውጣል። በመሆኑም በአንጸባራቂ ወረቀት ላይ በኦፍሴት ሲታተም፣ የሁለቱ ሙሉ ድርብ የሚመልሰው ብሩህነት ባዶው ወረቀት ከሚመልሰው አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። ለማፍካት የኅትመት ነጥቦቹ ቢያንሱ በመካከላቸው ነጩ ወረቀት ይገለጣል፤ ቀለሙም ይፈዛል። ብሩህነትንና ድምቀትን በአንድነት ማግኘት ያልተቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

የደረጃዎቹ መመሳሰል የሚመጣው ፋይሉ ወደ ሲኤምዋይኬ ሲቀየር ነው። በተለመደው ስሌት፣ ሊታተም የማይችል ቀለም ሊታተም ወደሚችለው ቅርብ ቀለም ይወሰዳል። ሰማያዊው 0 የሆነው አረንጓዴና ሰማያዊው 60 የሆነው ጎረቤቱ ሁለቱም ከወሰኑ ውጭ በመሆናቸው፣ እጅግ ተቀራራቢ በሆነ ቦታ ላይ ሊያርፉ ይችላሉ። ሌላው ስሌት ሁሉንም ቀለሞች በአንድነት በማጥበብ ልዩነታቸውን በተሻለ ይጠብቃል፤ ነገር ግን ሊታተሙ የሚችሉትንም ቀለሞች ይለውጣል። አንዴ የጠፋ ልዩነት ፋይሉን ወደ አርጂቢ በመመለስ አይገኝም፤ የመጀመሪያው ፋይል ሊጠበቅ የሚገባውም ለዚህ ነው።

ችግሩን ከኅትመት በፊት ማወቅ ይቻላል። በፎቶሾፕ የማተሚያ ቤቱ የቀለም ፕሮፋይል ከተመረጠ በኋላ `View > Gamut Warning` ሲከፈት፣ ሊታተሙ የማይችሉ ቦታዎች በግራጫ ይሸፈናሉ፤ `View > Proof Colors` ደግሞ የሚጠበቀውን መልክ ያሳያል። ፕሮፋይሉ ከማሽኑና ከወረቀቱ ጋር ካልተዛመደ ግን ሁለቱም ያሳስታሉ።

ለካርታው የሚሻለው መፍትሔ ደረጃዎቹን በድምቀት ሳይሆን በብሩህነት መለየት ነው፤ ይኸውም ፈዛዛ፣ መካከለኛና ጥቁር አረንጓዴ መጠቀም ማለት ነው። ምስሉ ወደ ግራጫ ሲለወጥ ሦስቱ ደረጃዎች በግልጽ ከተለዩ፣ በወረቀት ላይም የመለየት ዕድላቸው ከፍተኛ ነው።