ፈርነሱ ለምን ቶሎ ቶሎ ይጠፋል?

አሜሪካ የቤት ማሞቂያ ሲጠግኑ ኖረው ዲምቱ የገቡ አንድ አዛውንት፣ ሚኒሶታ ከሚኖር የወንድማቸው ልጅ ጋር በስልክ ያደረጉት ምልልስ ነው።

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ ፈርነሱ አስቸገረኝ። ይነሳል፣ ይጠፋል፣ መልሶ ይነሳል፤ ቤቱ ግን አይሞቅም።

ጋሼ፦ እኛን ሙቀት፣ እናንተን ብርድ! ለመሆኑ ሲነሳ ስንት ደቂቃ ይነድዳል?

ወጣቱ፦ በሰዓት ይዤዋለሁ፤ አራት ደቂቃ ገደማ።

ጋሼ፦ ጤነኛው ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይነድዳል። እሳቱ ሲጠፋ ቤቱ ያስቀመጥከው ዲግሪ ላይ ደርሷል? ፋኑስ አብሮ ይቆማል?

ወጣቱ፦ 70 ፋራናይት ላይ አድርጌዋለሁ፤ ቤቱ ገና 64 ነው። ፋኑ ግን መንፋቱን ይቀጥላል።

ጋሼ፦ እንግዲያው ቴርሞስታቱ ጥፋት የለበትም፤ አሁንም ሙቀት እየጠየቀ ነው። እሳቱ በተነሳ በጥቂት ሴኮንድ ቢጠፋ ደግሞ ነበልባሉን የሚያየው ሴንሰር ቆሽሿል እል ነበር። ያንተ ደቂቃዎች ነዶ፣ ፋኑ እየሠራ ነው የሚጠፋው። እሳቱን የሚቆርጠው ሊሚት ስዊቹ ነው።

ወጣቱ፦ ስዊቹን ልቀይረው?

ጋሼ፦ አትቸኩል፤ እሱ ሥራውን እየሠራ ይሆናል። በቂ አየር ካላለፈ አየሩን የሚያሞቀው ብረት ከልክ በላይ ይግላል። ያኔ ስዊቹ እሳቱን ይቆርጣል፣ ፋኑ ብረቱን ያበርደዋል፣ ሲበርድም እሳቱ ይመለሳል። የምንፈልገው አየሩ የታፈነበትን ቦታ ነው። ፊልተሩን መቼ ቀየርክ?

ወጣቱ፦ በቅርቡ። ውዱን፣ ሜርቭ 13 የሚለውን አስገባሁ። ጋዝ ለመቆጠብም የሁለት ክፍሎችን የአየር መውጫ ዘግቻለሁ።

ጋሼ፦ ፊልተር አዲስም ቢሆን ጥቅጥቅ ካለ አየር ያፍናል፤ ባለ አንድ ኢንቹ ላይ በተለይ ይብሳል። መጀመሪያ መውጫዎቹን ክፈትና ሰዓት ያዝ። ካልበቃ ፈርነሱን አጥፍተህ ፊልተሩን አውጣና ለአንድ ዙር ብቻ ያለ እሱ አስነሳው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ካደረግህ ጥፋተኛው የቱ እንደሆነ አታውቅም።

(ወጣቱ ቆይቶ መልሶ ደወለ።)

ወጣቱ፦ መውጫዎቹን ስከፍት ስድስት ደቂቃ ነደደ። ፊልተሩን ሳወጣ 13!

ጋሼ፦ ሁለቱም አፍነውት ነበር ማለት ነው፤ ዋናው ግን ፊልተሩ ነው። ሜርቭ 8 ግዛ፣ ስታስገባውም የተሳለበት ቀስት ወደ ፈርነሱ ይዙር። ያለ ፊልተርም በአራት ደቂቃ ቢጠፋ ኖሮ ፋኑንና የአየር ቧንቧውን የሚፈትሽ ባለሙያ እንድትጠራ እነግርህ ነበር።

ወጣቱ፦ አንድ ጓደኛዬ ስዊቹን በሽቦ አገናኝተህ እለፈው ብሎኝ ነበር።

ጋሼ፦ በጭራሽ! ደጋግሞ ከልክ በላይ የጋለ ብረት ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ያኔ ካርቦን ሞኖክሳይድ ቤት ሊገባ ይችላል። ሽታ የለውም፣ ይገድላል። ማስጠንቀቂያ ደወሉ መሥራቱን ዛሬውኑ ፈትሽ።