ሁለት ብቻ ወይስ ስድስት መልስ?

ጥያቄ፦ ልጄ sin 3x = ½ን ከ0° እስከ 360° ሲፈታ 10° እና 170° አገኘ። ተክተን ስናየው ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ መጽሐፉ ግን ስድስት መልስ ይላል። ለምን? (እናት፣ አል ቃጣራ፣ አል ዓይን)

መልስ፦ ልጅዎ ቶሎ አካፍሏል። 10°ን ካገኘ በኋላ ከ180° ቀነሰ፤ መቀነስ የነበረበት ግን 30°ን ነው፣ ለ3 ከማካፈሉ በፊት። x እስከ 360° ሲሄድ 3x እስከ 1080°፣ ማለትም ሦስት ሙሉ ዙር ይሄዳል። ስለዚህ አስቀድሞ የ3xን ዋጋዎች ሁሉ ይጻፍ፦ 30° እና 150°፤ 360° ሲደመርባቸው 390° እና 510°፤ አሁንም ሲደመር 750° እና 870°። ከዚያ ለ3 ሲያካፍል 10°፣ 50°፣ 130°፣ 170°፣ 250°፣ 290° ያገኛል።

መተካት የጎደለውን አያሳይም፤ ቆጠራ ግን ያሳያል። ሳይን በአንድ ዙር ½ን ሁለት ጊዜ፣ በሦስት ዙር ስድስት ጊዜ ያገኛል።