መብራት ሲጠፋ የሚቀየረው ስሌት፦ የአርክ ፍላሽ ጥናት ምን መረጃ ይፈልጋል?

በቦንጋና በዙሪያዋ ዋናው መስመር ሲቋረጥ በጄኔሬተር የሚሠሩ ካምፓሶች፣ ሆስፒታሎችና ባንኮች አሉ። ስዊችቦርዱ አንድ ነው፤ ምንጩ ግን ሁለት ነው። የሾርት ሰርኪዩትና የአርክ ፍላሽ ጥናት ስንሠራ መረጃ የምንሰበስበውም ለሁለቱ ምንጮች ለየብቻ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ትራንስፎርመሩ 315 ኪሎ ቮልት አምፔር፣ 15 ኪሎ ቮልትን ወደ 400 ቮልት የሚያወርድ፣ ኢምፒዳንሱ 4 ከመቶ ነው እንበል። እነዚህ ቁጥሮች ስሙ በተጻፈበት ሰሌዳ ላይ ይገኛሉ። ሙሉ ጭነቱ 455 አምፔር ገደማ ሲሆን፣ ይህን ለ0.04 ስናካፍል የሾርት ሰርኪዩት መጠኑ 11.4 ኪሎ አምፔር ይሆናል።

ይህ ውጤት ግን ከትራንስፎርመሩ በፊት ያለውን መስመርና ከእሱ ወደ ቦርዱ የሚመጣውን ገመድ ዜሮ አድርጎ ነው። ብሬከሩ የሚችለውን ኪሎ አምፔር ለመምረጥ ይህ ጥንቃቄ ያለበት አካሄድ ነው። ለአርክ ፍላሽ ግን ሊያሳስተን ይችላል፤ እውነተኛው ጅረት ካነሰ ብሬከሩ ዘግይቶ ይቆርጣልና። ስለዚህ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የምንጠይቀው በ15 ኪሎ ቮልቱ ላይ ያለውን ከፍተኛውንም ዝቅተኛውንም የሾርት ሰርኪዩት መጠን ነው። የገመዱን ርዝመት፣ ውፍረትና መዳብ ወይም አሉሚኒየም መሆኑን ደግሞ ራሳችን ሄደን እንለካለን፣ እናያለን። የድሮ ንድፍ ማመን አይበቃም።

አሁን መብራት ጠፋ እንበል። ጄኔሬተሩ 200 ኪሎ ቮልት አምፔር ነው፤ ሙሉ ጭነቱ 289 አምፔር ነው። ሰብ-ትራንዚየንት ሪአክታንሱ 12 ከመቶ ከሆነ የመጀመሪያው ጅረት 2.4 ኪሎ አምፔር ገደማ ነው፤ ከዚያም በፍጥነት ይወርዳል። የጄኔሬተሩ ብሬከር 400 አምፔር ሆኖ ቅጽበታዊ መቁረጫው በ10 እጥፍ ከተስተካከለ፣ የሚነሳው በ4000 አምፔር ነው። ጄኔሬተሩ እዚያ አይደርስም። ብሬከሩ ሙቀት እስኪሰማው ይጠብቃል፣ እሳቱም ሠራተኛው ፊት ለፊት ለሰከንዶች ይቆያል። ጅረቱ ከትራንስፎርመሩ አንድ አምስተኛ ያህል ቢሆንም፣ የቆይታው ጊዜ በአሥሮች እጥፍ ስለሚረዝም ጉልበቱ ሊበልጥ ይችላል። ብዙ ሰው ትንሹን ምንጭ ቀላል አድርጎ የሚያየው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ከጄኔሬተሩ ሰሌዳ የአቅሙን ቁጥር ብቻ ይዘን አንመለስም። የአልተርኔተሩን አምራችና ሞዴል ጽፈን ሦስቱን ሪአክታንሶችና የጊዜ ቋሚዎቻቸውን ከዳታ ሺቱ እናወጣለን። ኤክሳይቴሽኑ በሾርት ሰርኪዩት ጊዜ ጅረቱን ማቆየት መቻሉንም እንጠይቃለን፤ አንዳንዱ የሙሉ ጭነቱን ሦስት እጥፍ ለጥቂት ሰከንድ ያቆያል፣ አንዳንዱ አያቆይም።

ብሬከሮች ላይ ሞዴላቸውን ብቻ ሳይሆን የመቁረጫ ቁልፎቻቸው የቆሙበትን ቦታ ፎቶ እናነሳለን። በ2018 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የአይ ትሪፕል ኢ 1584 ደረጃ ደግሞ በመዳብ ዘንጎቹ መካከል ያለውን ክፍተት፣ ዘንጎቹ የቆሙበትን አቅጣጫ፣ የሳጥኑን መጠንና ሠራተኛው የሚቆምበትን ርቀት ይፈልጋል። ክፍተቱን ለማየት ሽፋኑ ይከፈታል፤ ያም ሁለቱም ምንጮች ጠፍተው፣ ጄኔሬተሩ በራሱ እንዳይነሳ ተቆልፎና ቮልቴጅ አለመኖሩ በመለኪያ ከተረጋገጠ በኋላ ነው።