ጥርሱ ነው ወይስ ጡጦው?



ውድ እህቶች፣ በዚህ ወር የምናቀርብላችሁ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሰፈር በወር አንድ ጊዜ በሚገናኙ እህቶች ጀመዓ ላይ ስለ ሕፃናት ተቅማጥ የተነጋገርነውን ነው። ንግግሩን የጀመርነው በተዘጋጀ ጽሑፍ ነበር። ሆኖም አንዲት እናት የ9 ወር ልጇን ታቅፋ «ከ6 ወሩ ወዲህ ይህ ሦስተኛው ነው» ስትል ጽሑፉን ዘግተን የእርሷን ቤት ስንፈትሽ ዋልን።

አጠገቧ የተቀመጡ አንዲት አዛውንት «ልጄ፣ አትጨነቂ። ጥርስ ሲያበቅል ያስቀምጠዋል፤ የኔም ልጆች ሁሉ እንዲህ ነበሩ» አሏት። ብዙዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። እናታችን የተናገሩት በዓይናቸው ያዩትን ነውና ሐሰት አይደለም። ጥርሱና ተቅማጡ በእርግጥ በአንድ ወቅት ይመጣሉ። ነገር ግን በዚያው ወቅት ሕፃኑ ከጡት ሌላ ምግብ ይጀምራል፣ መሬት ላይ ይድሃል፣ ድዱ ስለሚያሳክከውም ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል። የሚያስቀምጠው ጥርሱ ሳይሆን ከጣቱ፣ ከውሃውና ከምግቡ ጋር የሚገባው ጀርም ነው። ስለዚህ እናቲቱ የትናንቱን ውሎዋን ከጠዋት ጀምራ እንድትነግረን ጠየቅናት።

ውሃው የት ላይ ቆሸሸ?

የቧንቧ ውሃ በእርሷ ሰፈር በፈረቃ ነው የሚመጣው። በመጣ ጊዜ በርሜል ትሞላለች፤ ለልጁ የሚሆነውን ደግሞ በማንቆርቆሪያ ታፈላለች። እስከዚህ ድረስ ማለፊያ ነው። ከዚያስ? የፈላውን ውሃ ወደ ጆግ ትገለብጠዋለች። ጆጉ ክዳን የለውም። ታላላቆቹ ልጆች ከጨዋታ ሲመለሱ ኩባያቸውን ከነጣታቸው ነክረው ይጠጡበታል። እንግዲህ ጋዙ ተቃጠለ፣ ውሃው ፈላ፣ ጀርሙ ግን በልጆቹ ጣት ተመልሶ ገባ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ውሃው በፈላበት ማንቆርቆሪያ እንደተከደነ ይቀዝቅዝ፤ ሲፈለግ ይቀዳ እንጂ ምንም ነገር አይነከርበት፤ በማግሥቱም ሌላ ይፍላ። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃው ቶሎ ቢፈላም ሙቀቱ ዝቅ ያለ ነው። ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ለቤተሰቡ ሁሉ ማፍላት የማይቻል ከሆነ፣ አፈ ጠባብ ጀሪካን ውስጥ እንደ ውሃ አጋር ያለ የውሃ ማከሚያ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሮ፣ ከድኖና ነቅንቆ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው። ውሃው ድፍርስ ከሆነ ማከሚያው ጉልበት ስለሚያጣ አስቀድሞ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለል።

«እኛ እኮ በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ እናደርጋለን»

ይህን ያለችው አንዲት ወጣት እህት ናት፤ ሁላችንም ፈገግ አልን። ጥያቄው ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። ውዱእ የዒባዳ ንጽሕና ነው፤ ጊዜውም በሶላት ይወሰናል። የልጅ ቆሻሻ ግን ሰዓት አይጠብቅም። እናቲቱ ትናንት ዙህርን ሰግዳ ልጁን ጠረገች፣ እጇን በውሃ ብቻ አለቅለቀች፣ ወዲያው ምግቡን አቀረበችለት። ዐስር ገና አልደረሰም። በሁለቱ ሶላቶች መካከል በጣቷ የያዘችው ሁሉ ወደ ልጁ አፍ ሄደ ማለት ነው።

«የሕፃን ቆሻሻ ምን ይላል?» የሚለውም አነጋገር ጎጂ ነው። በሕፃን ዓይነ ምድር ውስጥ ያለው ጀርም እንደ አዋቂው ሁሉ ያሳምማል። ከኢስቲንጃ በኋላ፣ ልጅ ከጠረጉ ወይም ፖፖ ከደፉ በኋላ፣ እንዲሁም ምግብ ከመንካትና ልጅ ከማብላት በፊት እጅ በሳሙና መታጠብ አለበት። ቅባት ይዞ የተጣበቀን ቆሻሻ ውሃ ብቻውን አያስለቅቅም። ጣት ከጣት መካከልና ጥፍር ሥር 20 ሰከንድ ያህል ይታሽ። (ሒና የተቀባ ጥፍር ሥሩ ያለውን አያሳይምና አጥብቃችሁ እሹት።) ከታጠባችሁ በኋላ ደግሞ በቀሚሳችሁ ወይም በሻርፓችሁ አትጥረጉት፤ በአየር ይድረቅ።

ሳሙናው መጸዳጃ ቤት አካባቢ ሲቀመጥ ይጠፋል የሚል ቅሬታ ተነሣ። ለዚህ አንድ ዘዴ አለ። በ1 ሊትር ተኩል የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ 30 ግራም ያህል የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ሳሙና በጥብጣችሁ ክዳኑን በመርፌ ብሱት። ጥቂት ጠብታ ለአንድ እጅ ይበቃል፤ ከዚያ በውሃ ማለቅለቅ ነው። ጠርሙሱ ላይ ምልክት አድርጉበት፤ ልጆች የሚጠጣ እንዳይመስላቸው ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት።

ጡጦው

ወደ ዋናው ነገር ደረስን። እናቲቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት አጥሚት ሠርታ በጡጦ ሞላች። ልጁ ግማሹን ጠጥቶ ተኛ። ቀሪው መስኮት ላይ ቆየ፤ 5 ሰዓት ላይ ሲያለቅስ ተሰጠው። ከዚያ ጡጦው በበርሜል ውሃ ተለቅልቆ እንደገና ተሞላ።

ለብ ያለ አጥሚት ለጀርም ከሚመቹ ነገሮች አንዱ ነው። አራት ሰዓት ሙሉ እዚያ ተራብቷል። የጡጦው ጫፍም ውስጡ በጣት አይደረስበትም፤ ቅባቱና ዱቄቱ እዚያው ይጋገራል። ጫፉን ገልብጣችሁ ብታሸቱት ኮምጠጥ ያለ ሽታ ታገኛላችሁ፤ መቆሸሹን የሚነግራችሁ እርሱ ነው። ስለዚህ ምክራችን ጡጦውን ማጠብ ሳይሆን መተው ነው። ኩባያና ማንኪያ በሳሙና ሙልጭ ብለው ይጸዳሉ።

አጥሚቱም ራሱ ቀጭን ስለሆነ ሆድ ይሞላል እንጂ አያጠግብም፤ የተጎዳ ልጅ ደግሞ ተቅማጥ ቶሎ ይደጋግመዋል። ገንፎው ከማንኪያ ላይ የማይንጠባጠብ ይሁን። የ9 ወር ልጅ ከጡት በተጨማሪ በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ግማሽ ኩባያ ያህል ይበቃዋል። የተፈጨውን እህል በደረቁ በክዳን ዕቃ አስቀምጡና ለአንድ ጊዜ የሚበቃውን ብቻ ሥሩ። ከተሠራ 2 ሰዓት ያለፈውን ለሕፃኑ አትስጡ።

ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን ከጡት በቀር ውሃም፣ ቅቤም፣ አብሽም አያስፈልገውም። ከዚያ በኋላም ጡት ማጥባቱ እስከ ሁለት ዓመት ይቀጥል፤ ማጥባቱን ማሟላት ለሚሻ ሁለት ሙሉ ዓመት መሆኑ በሱረቱል በቀራህም ተወስቷል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም አንዳንዱ ተቅማጥ ይመጣል። ሮታ የሚባለው ቫይረስ ንጹሕ ቤትም ይገባል። ክትባቱ በአገራችን ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በ6ኛውና በ10ኛው ሳምንት በአፍ ይሰጣልና ካርዳችሁን ተመልከቱ። ልጁን ካስቀመጠው ጡቱንም ምግቡንም አትከልክሉት። ከጤና ጣቢያ ኦ.አር.ኤስ እና ዚንክ ውሰዱ፤ የ1 ሊትሩን ፓኬት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጣችሁ በተቀመጠ ቁጥር በኩባያ ቀስ እያላችሁ አጠጡት፤ ከ24 ሰዓት ያለፈውን ድፉት። ዚንኩን ተቅማጡ ቢቆምም የታዘዘውን ቀን ጨርሱ። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው፣ የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ከፈዘዘ ወይም ደም ከታየበት ግን ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ውሰዱት።

በሚቀጥለው ወር እናቲቱ ተመልሳ መጣች። ጡጦውን ለማስተው ሦስት ቀን አልቅሶባታል። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ቀጠን ብሎበት ነበር፤ በማግሥቱ ተወው። አዛውንቷም ልጁን ተቀብለው ከንፈሩን ገለጥ አደረጉና «ማሻአላህ፣ ሁለት ጥርስ አብቅሏል እኮ!» አሉ።