የብድር ክፍያ በመዝገብ እንዴት ይጻፋል?

አንድ ባለሱቅ 120,000 ብር በዓመት 12 በመቶ ወለድ ተበድሮ በ12 ወር ውስጥ በእኩል ክፍያ ሊመልስ ቢዋዋል፣ የየወሩ ክፍያ 10,661.85 ብር ይሆናል። ወለዱ የሚታሰበው ገና ባልተከፈለው ዕዳ ላይ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ወር ወለዱ 1 በመቶ፣ ይኸውም 1,200 ብር ሲሆን፣ የቀረው 9,461.85 ብር ከዋናው ብድር ይቀነሳል። በሁለተኛው ወር ዕዳው 110,538.15 ብር ስለሆነ ወለዱ ወደ 1,105.38 ብር ይወርዳል፤ የክፍያው ሠንጠረዥ ይህንኑ በየወሩ ያሳያል።

የመጀመሪያው ክፍያ ሲመዘገብ የብድር ሒሳብ በ9,461.85፣ የወለድ ወጪ በ1,200 ብር ዴቢት፣ የባንክ ሒሳብም በ10,661.85 ብር ክሬዲት ይደረጋል። ብዙዎች ግን ክፍያውን በሙሉ ከብድሩ ላይ ይቀንሱታል፤ ያን ጊዜ ዕዳው በ1,200 ብር ያነሰ፣ ትርፉም በዚያው ልክ የበዛ መስሎ ይታያል። በመዝገቡና በባንኩ መግለጫ መካከል ያለው የዕዳ ልዩነት ልክ የወለዱን ያህል ከሆነ፣ ስሕተቱ ይኸው ነው።